ብራኪያል ፕሌክሰስ፦ ከሩት እስከ ኮርድ (እንደገና የተደራጀ ኖት)

ለማክሰኞ የጥናት ቡድናችን፣ ደብረ ብርሃን

የድሮው ኖቴ 11 ገጽ ነበር። ሲ7 ሦስት ቦታ ተጽፏል፣ አንዱ ላይ ደግሞ ወደ ሚዲያል ኮርድ እንደሚገባ አድርጌዋለሁ። ስህተት ነው። ያንን ኮፒ ያደረጋችሁ ጣሉት፣ ይቅርታ። ትናንት ማታ ጋቢ ተከናንቤ ሁሉንም በደረጃ አስገባሁት።

ሠንጠረዡ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ከአንገት ተነስታችሁ ወደ ብብት እየሄዳችሁ ነው።

| ሩት | ትራንክ | ዲቪዥን | ኮርድ |
|---|---|---|---|
| ሲ5፣ ሲ6 | የላይኛው | የፊት | ላተራል |
| | | የኋላ | ፖስቴሪየር |
| ሲ7 | መካከለኛው | የፊት | ላተራል |
| | | የኋላ | ፖስቴሪየር |
| ሲ8፣ ቲ1 | የታችኛው | የፊት | ሚዲያል |
| | | የኋላ | ፖስቴሪየር |
| ቦታው፦ በስኬሊን አንቲሪየርና ሚዲየስ መካከል | የአንገት ጎን | ከክላቪክል ጀርባ | ብብት፣ በአክዚላሪ አርተሪ ዙሪያ |

5 ሩት፣ 3 ትራንክ፣ 6 ዲቪዥን፣ 3 ኮርድ። የዲቪዥንን ዓምድ ብቻ ከላይ ወደ ታች እዩት። «የኋላ» የሚል ሁሉ ፖስቴሪየር ኮርድ ይሆናል፣ ሦስቱም። የሚያስቸግረው የፊቱ ነው፦ የላይኛውና የመካከለኛው ተጣምረው ላተራል ይሆናሉ፣ የታችኛው ብቻውን ሚዲያል ይሆናል። ሲ7 ላይ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው።

የኮርዶቹ ስም ከአርተሪው አንጻር ያሉበትን ቦታ ነው የሚናገረው። ሌላ ትርጉም አትፈልጉለት።

ሲ8 የሚባል የአከርካሪ አጥንት የለም፣ ነርቩ ግን አለ። ከሲ1 እስከ ሲ7 ያሉት ነርቮች ከየአጥንታቸው በላይ ይወጣሉ፣ ሲ8 ከሲ7 አጥንት በታች ይወጣል።

ቅርንጫፎቹን ለብቻ አወጣኋቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ዓይን ያደክማሉ።

| ደረጃ | የሚወጡት ነርቮች |
|---|---|
| ሩት | ዶርሳል ስካፑላር (ሲ5)፣ ሎንግ ቶራሲክ (ሲ5፣ ሲ6፣ ሲ7) |
| የላይኛው ትራንክ | ሱፕራስካፑላር፣ የሰብክሌቪየስ ነርቭ |
| ዲቪዥን | የለም |
| ላተራል ኮርድ | ላተራል ፔክቶራል፣ ሙስኩሎኩቴኒየስ፣ የሚዲያን ግማሽ |
| ሚዲያል ኮርድ | ሚዲያል ፔክቶራል፣ የክንድና የፎርአርም ሚዲያል የቆዳ ነርቮች፣ አልናር፣ የሚዲያን ሌላው ግማሽ |
| ፖስቴሪየር ኮርድ | የላይኛውና የታችኛው ሰብስካፑላር፣ ቶራኮዶርሳል፣ አክዚላሪ፣ ራዲያል |

ዲቪዥን ላይ «የለም» ያልኩት ረስቼ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ «ወራጅ አለ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ክላቪክል ዋሻው ነው። ከሥሩ ሲያልፉ ማንም አይወርድም።

ሚዲያን ብቻ ነው ከሁለት ኮርድ የሚሠራው። ሙስኩሎኩቴኒየስ፣ የሚዲያን ሁለት እግሮችና አልናር አንድ ላይ ሲታዩ «ኤም» ፊደልን ይሠራሉ። ዲሴክሽን ላይ ግራ ከተጋባችሁ መጀመሪያ ይህችን «ኤም» ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ትራንኮቹ ተመለሱ። እኔ በተቃራኒው ጀምሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ስብ ስቆፍር ዋልኩ።

አሁን ሠንጠረዡ ለምን እንደሚጠቅም። አንድ ልጅ ከሞተር ሳይክል ወድቆ አንገቱና ትከሻው ተለጠጡ እንበል። ክንዱን ወደ ጎን ማንሳት አቃተው፣ ወደ ውጭ ማዞርም አቃተው፣ ክርኑን ማጠፍም ደከመው። ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ ተንጠልጥሏል፣ መዳፉ ወደ ኋላ ያያል። ይህ የኤርብ ፓልሲ ነው፣ ሲ5 እና ሲ6። በወሊድ ጊዜ ትከሻው የተያዘ ሕፃን ላይም ያው ነው።

ግን ሩቱ ላይ ነው ወይስ ትራንኩ ላይ? ግድግዳ ግፋ በሉት። ስካፑላው ክንፍ ካላወጣ ሎንግ ቶራሲክ ደህና ነው። እሱ የሚወጣው ከሩት ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከእሱ አልፎ የላይኛው ትራንክ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ዶርሳል ስካፑላርንም በሮምቦይድ ፈትሹት። በ11 ገጹ ኖት ይህን አላየሁትም ነበር።

የታችኛው ትራንክ (ሲ8፣ ቲ1) በተቃራኒው ክንድ ወደ ላይ ሲሳብ ይጎዳል፤ ከዛፍ እየወደቀ ቅርንጫፍ የያዘ ሰው ለምሳሌ። ክሉምፕኬ ይባላል፣ የእጅ ትንንሽ ጡንቻዎች ይሰንፋሉ። ቲ1 ሥሩ ላይ ከተበጠሰ በዚያው ጎን የዓይን ቆብ ሊወርድና ብሌኑ ሊጠብ ይችላል።

ለማክሰኞ፦ አንድ ታማሚ የእጅ አንጓው ተንጠልጥሏል፣ ዴልቶይዱ ግን ጠንካራ ነው። ጉዳቱ ፖስቴሪየር ኮርድ ላይ ነው ወይስ ከዚያ በታች? ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ሳታዩ መልሱ።