ብርሃን በሦስት ፖላራይዘሮች ውስጥ ሲያልፍ፦ ጥያቄና አሠራሩ

ጥያቄ፦ ጥንካሬው 640 ዋት በካሬ ሜትር የሆነ፣ ፖላራይዝድ ያልሆነ ብርሃን በተከታታይ በተቀመጡ ሦስት ፖላራይዘሮች ውስጥ ያልፋል። የመጀመሪያው ፖላራይዘር የማሳለፊያ መስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሁለተኛው ከዚያ 20°፣ የሦስተኛው ደግሞ በዚያው አቅጣጫ ከመጀመሪያው 70° ዞሯል። ከሦስተኛው የሚወጣው ብርሃን ጥንካሬ ስንት ነው? ፖላራይዘሮቹ በመስመራቸው አቅጣጫ የሚመጣውን ብርሃን ምንም ሳያስቀሩ ያሳልፋሉ እንበል።

አሠራር

አንደኛው ፖላራይዘር። θ በብርሃኑ ኤሌክትሪክ መስክና በፖላራይዘሩ መስመር መካከል ያለው ዘዌ ይሁን፤ የሚመጣው ብርሃን መስክ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚርገበገብ የ cos²θ አማካይ ½ ነው። ስለዚህ ፖላራይዘሩ በየትም ቢዞር ግማሹ ብቻ ያልፋል።

I₁ = ½ × 640 = 320 ዋት በካሬ ሜትር

ከዚህ በኋላ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ በቆመው መስመር ፖላራይዝድ ሆኗል።

ሁለተኛው። አሁን ፈረንሳዊው ማሉስ በ1809 ያወጣው ሕግ ይሠራል፦ I = I₀cos²θ፤ እዚህ I₀ ወደ ፖላራይዘሩ የሚደርሰው ፖላራይዝድ ብርሃን ጥንካሬ ነው። ካሬው የመጣው ፖላራይዘሩ የመስኩን cosθ እጅ ስለሚያሳልፍና ጥንካሬ ከመስኩ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ነው።

I₂ = 320 × cos²20° = 320 × 0.8830 = 282.6 ዋት በካሬ ሜትር

ሦስተኛው። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው 70° ስላለ ብቻ cos²70° ብሎ ማስገባት ስህተት ነው። ሁለተኛው ፖላራይዘር የብርሃኑን አቅጣጫ ወደ ራሱ መስመር አዙሮታል፤ ወደ ሦስተኛው የሚደርሰው ብርሃን ቀጥ ያለውን መስመር አያውቀውም። የሚፈለገው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ዘዌ ነው፦ 70° − 20° = 50°።

I₃ = 282.6 × cos²50° = 282.6 × 0.4132 = 116.8 ዋት በካሬ ሜትር

ይህ ከመጀመሪያው ብርሃን 18 በመቶ ያህል ነው። በ70° የሠራ ሰው 33.1 ያገኛል። ያ ቁጥር ትክክል የሚሆነው ሦስተኛው ፖላራይዘር 90° ላይ ቢሆን ነበር፤ ያኔ ከሁለተኛው ጋር ያለው ልዩነት በእርግጥ 70° ይሆናል።

እስቲ 90° ላይ እንቆይ፤ የዚህ ርዕስ ውበት ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛውን 90° ላይ አድርገን መካከለኛውን ብናወጣው፦

I = 320 × cos²90° = 0

ፍጹም ጨለማ። መካከለኛውን ስንመልሰው ግን 33.1 ዋት በካሬ ሜትር ያልፋል። ብርሃን የሚቀንስ ነገር ጨምረን ብርሃን አገኘን! መካከለኛው ኃይል አልጨመረም፤ እንዲያውም ከ320ው የተወሰነውን ውጧል። ያደረገው የመስኩን አቅጣጫ ማዞር ነው፤ የዞረው መስክ በ90° መስመር ላይ የሚያርፍ ክፍል አለው።

መካከለኛው ከመጀመሪያው በዘዌ θ ሲቀመጥ፣ I₀ ደግሞ አሁን የመጀመሪያው ብርሃን ጥንካሬ 640 ሲሆን፦

I₃ = ½I₀ cos²θ sin²θ = (I₀/8) sin²2θ

በ20° ስናረጋግጠው፦ 80 × sin²40° = 80 × 0.4132 = 33.1። ይገጥማል። ከፍተኛው ደግሞ θ = 45° ሲሆን የሚገኘው 80 ዋት በካሬ ሜትር፣ ማለትም የመጀመሪያው ብርሃን አንድ ስምንተኛ ነው።