ክፍል ከአቅም በላይ ሲያዝ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች የሚከተሉት መመሪያ

ሆቴላችን 84 ክፍሎች አሉት። አንዳንድ እንግዶች ሳያሳውቁ ስለሚቀሩና ሌሎችም በመጨረሻው ሰዓት ስለሚሰርዙ፣ የሪዘርቬሽን ክፍሉ ለአንድ ሌሊት እስከ 3 ክፍል ድረስ ከአቅም በላይ እንዲይዝ ተፈቅዶለታል። ከዚህ ማለፍ የሚቻለው በዋና ሥራ አስኪያጁ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው። አስልቶ የሚይዘው ሆቴሉ ስለሆነ፣ ስሌቱ ሲሳሳት የሚመጣውን ወጪ የሚሸፍነውም ሆቴሉ ነው።

ተረኛ እንግዳ ተቀባይ በየዕለቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የገቢ እንግዶችን ዝርዝር፣ ቆይታቸውን ያራዘሙትንና በብልሽት የተዘጉትን ክፍሎች ያመሳክራል። ክፍል እንደሚያንስ ከታየ፣ ለተረኛ ሥራ አስኪያጁ አሳውቆ ደረጃው ከእኛ በማያንስ በአቅራቢያ በሚገኝ ሆቴል ክፍል ያስይዛል፤ ማረጋገጫ የሰጠውን ሠራተኛ ስምም ይመዘግባል። እንግዳው ፊታችን ቆሞ ስልክ መደወል መጀመር አይፈቀድም።

የሚዛወረው እንግዳ የሚመረጠው በአለባበሱ፣ በዜግነቱ ወይም ቅሬታ የማያቀርብ መስሎ በመታየቱ አይደለም። በቅድሚያ ፈቃደኛ ይጠየቃል፤ ፈቃደኛ ከታጣ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያርፍ እንግዳ ይመረጣል። ሕፃናት የያዙ ቤተሰቦች፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ብቻቸውን የሚጓዙ ሴቶችና አስቀድመው ክፍል የገቡ እንግዶች ያለ ፈቃዳቸው አይዛወሩም። ዘግይቶ የመጣ ሁሉ ይዛወር የሚለው ልማድ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ከረጅም ጉዞ በኋላ በእኩለ ሌሊት የደረሰውን ሰው ይበልጥ ስለሚጎዳ በዚህ ሆቴል አይሠራበትም።

እንግዳው ከመቀበያው ጠረጴዛ ራቅ ባለ ስፍራ እንዲቀመጥ ተደርጎ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ እንዲህ ብሎ ያስረዳዋል፦ «ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። ካለን ክፍል በላይ ስለያዝን ዛሬ ለእርስዎ ክፍል የለንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። በአቅራቢያችን ባለ ሆቴል በስምዎ ክፍል አስይዘናል፤ ሒሳቡን እኛ እንከፍላለን፣ መኪናውም ተዘጋጅቷል።» ቧንቧ ፈነዳ ወይም ኮምፒውተሩ ተሳሳተ ብሎ ማመካኘት በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ሆቴላችን እንግዳው በሌላው ሆቴል የሚያድርበትን የክፍል ዋጋ ከነታክሱ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱንና ለቤተሰቡ የሚያደርገውን ስልክ ይከፍላል። እንግዳው ለዚያ ሌሊት አስቀድሞ የከፈለው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። ቆይታው ከአንድ ሌሊት በላይ ከሆነ፣ በማግስቱ ተመልሶ መምጣት ወይም እዚያው መቆየት የእርሱ ምርጫ ነው፤ ከተመለሰ የተሻለ ክፍል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጠዋል፣ እዚያው ከቆየም የዋጋውን ልዩነት ሆቴሉ ይሸፍናል።

ለእንግዳው የሚመጣ መልእክት ወዲያውኑ ይተላለፍለታል፤ የሄደበት ሆቴል ግን ያለ ፈቃዱ ለማንም አይነገርም። ተረኛው ምክንያቱን፣ የተከፈለውን ወጪና እንግዳው የተናገረውን በመዝገብ ላይ አስፍሮ ሥራውን ለሚረከበው ተረኛ ያስፈርማል።