የቢዝነስ ትምህርት፦ ሠንጠረዥ አንብቦ መመለስ (15 ነጥብ)

ደሴ ፒያሳ ያለች የባህል ልብስ ነጋዴ የሁለት ዓመት ሽያጯን እንዲህ መዝግባለች። ቁጥሮቹ ለፈተናው የተዘጋጁ ናቸው። ዓመቱ የተጻፈበት ሳጥን ከሥሩ ያሉትን ሁለት ዓምዶች ይሸፍናል።

| ዕቃ | 2015 ዓ.ም. | | 2016 ዓ.ም. | |
|---|---|---|---|---|
| | ብር | %¹ | ብር | %¹ |
| ጋቢ | 120,000 | 40 | 126,000 | 35 |
| ነጠላ | 90,000 | 30 | 90,000 | 25 |
| ቀሚስ | 90,000 | 30 | 144,000² | 40 |
| ድምር | 300,000 | 100 | 360,000 | 100 |

¹ ከዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ ያለው ድርሻ እንጂ ዕድገት አይደለም።
² 24,000 ብሩ በዱቤ የተሸጠ ነው፤ ገና አልተሰበሰበም።

(የግርጌ ማስታወሻውን ዘላችሁ ወደ ጥያቄው አትሩጡ። ባለፈው ብዙ ሰው የወደቀው እዚያ ነው።)

1. የቀሚስ ሽያጭ በስንት በመቶ አደገ? ስሌቱን አሳዩ። (3)

2. የሱቁ ረዳት «ጋቢ ከ40 ወደ 35 ወርዷል፤ ገበያው ሞቷል» ይላል። ነጋዴዋ ደግሞ «ኧረ እኔ የሸጥኩት ጨምሯል!» ትላለች። ማን ልክ ነው? ሁለቱንም ዓምዶች ተጠቅማችሁ አስረዱ። (5)

3. ከ2016 የቀሚስ ሽያጭ እጇ የገባው ስንት በመቶ ነው? (2)

4. ኮምቦልቻ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት አስባለች። ከተማዋ ከደሴ ቆላማ ናት። ጋቢ በብዛት ትውሰድ? ከመወሰኗ በፊት ሠንጠረዡ ውስጥ የሌሉ ምን ሁለት መረጃዎች ያስፈልጓታል? (5)