የፓይል የጭነት ሙከራ ሪፖርት፦ የሙከራ ፓይል ቁጥር 2

ለአማካሪ መሐንዲሱ፣ ለስትራክቸር ዲዛይን ቡድኑና ለተቋራጩ የሳይት ቡድን

ውጤቱን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ፓይሉ አልፏል። በሥራ ጭነቱ፣ ማለትም በ2,000 ኪሎ ኒውተን፣ 3.58 ሚሊ ሜትር ሰመጠ። በእጥፉ በ4,000 ደግሞ 13.86። ሁለቱም ከተፈቀደው በታች ናቸው። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት እርከኖች ላይ ኩርባው በግልጽ ታጥፏል። ስለዚህ የዲዛይን ቡድኑ ሐሙስ ማታ የላከውን ጥያቄ፣ የሥራ ጭነቱን ወደ 2,400 ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የጠየቀውን፣ በዚህ ሙከራ ብቻ ተደግፌ እሺ ልል አልችልም። ምክንያቱን ታች ላይ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

ፓይሉና አፈሩ

ተቆፍሮ በቦታው የተሞላ ፓይል ነው። ዲያሜትሩ 800 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሜትር። ለሙከራ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ሕንፃውን አይሸከምም። የ28 ቀን የኩብ ጥንካሬው 38.2 ሜጋ ፓስካል ወጥቷል፤ ሙከራው የተጀመረው ኮንክሪቱ በተሞላ በ29ኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት በመዶሻ የሚደረገው የኢንቴግሪቲ ፍተሻ ተሠርቶ ስንጥቅም ሆነ የጠበበ ቦታ አላሳየም።

ከላይ እስከ 4 ሜትር የሙሌት አፈርና ለስላሳ ሸክላ ነው። እስከ 11 ሜትር ጠንካራ ሸክላ፣ ከዚያ እስከ 16.5 ሜትር ደለል የቀላቀለ እምቅ አሸዋ። የፓይሉ ጫፍ የተቀመጠው ከሥር ባለው የተሰባበረ ድንጋይ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ሲጸዳ ከሥር የቀረው ጭቃ 5 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ የቁፋሮ መዝገቡ ላይ ተጽፏል። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አደራረጉ

ጃኩ የሚገፋበት ተቃራኒ ክብደት በኮንክሪት ብሎኮች ተደረደረ፤ በጠቅላላው 480 ቶን። ይህ ወደ 4,700 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ከከፍተኛው የሙከራ ጭነት በ17 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ጭነቱ የተሰጠው እያንዳንዳቸው 300 ቶን በሚያነሱና ከአንድ ፓምፕ በሚሠሩ ሁለት ጃኮች ነው። ከጃኮቹ በላይ ሎድ ሴል ተቀምጧል። የሁሉም ካሊብሬሽን ከስድስት ወር ያልበለጠ ነው፤ ሰርተፊኬቶቹን ከማስጀመራችን በፊት ተቆጣጣሪው አይቷቸዋል።

ጭነቱን የወሰድነው ከሎድ ሴሉ እንጂ ከፓምፑ ማኖሜትር አይደለም። ሎድ ሴሉ 4,000 ሲል ማኖሜትሩ 4,140 ይል ነበር። በጃክ ውስጥ ባለ ሰበቃ ምክንያት ማኖሜትር ብዙ ጊዜ አብልጦ ያሳያል። እሱን ብናምን ኖሮ 4,000 ደርሰናል ብለን 3,865 አካባቢ እናቆም ነበር።

ስምጠቱ የተለካው በአራት ዳያል ጌጆች ነው። እስከ 0.01 ሚሊ ሜትር ያነባሉ፣ በፓይሉ ራስ ዙሪያ በ90 ዲግሪ ተራርቀው ተተክለዋል። 1ና 2 ቁጥር በአንድ ሪፈረንስ ቢም፣ 3ና 4 ቁጥር በሌላኛው ላይ ናቸው። የቢሞቹ ድጋፎች ከፓይሉም ከብሎኮቹ መደገፊያም 3 ሜትር ይርቃሉ። እነዚህ ድጋፎች ከአፈሩ ጋር አብረው ከሰመጡ የምናነበው ሁሉ ውሸት ስለሚሆን በሰርቬይ ሌቭልም ከሩቅ ነጥብ እየተከታተልናቸው ነበር። አልተንቀሳቀሱም።

ንባቡ

ሁለት ዙር ጫንን። የመጀመሪያው ዙር ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀመረ፣ ሁለተኛው ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ወደሚቀጥለው እርከን ለመሄድ ሁለት ነገር መሟላት ነበረበት፦ ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየትና የስምጠቱ ፍጥነት በሰዓት ከ0.25 ሚሊ ሜትር በታች መውረድ። ከታች ያሉት የአራቱ ጌጆች አማካዮች ናቸው፤ ሁሉም በእርከኑ መጨረሻ የተነበቡ።

| ዙር | ጭነት (ኪሎ ኒውተን) | የቆየበት | ስምጠት (ሚሊ ሜትር) |
|---|---|---|---|
| 1 | 500 | 1 ሰዓት | 0.62 |
| 1 | 1,000 | 1 ሰዓት | 1.38 |
| 1 | 1,500 | 1 ሰዓት | 2.31 |
| 1 | 2,000 | 6 ሰዓት | 3.58 |
| 1 | 1,000 (ሲራገፍ) | 15 ደቂቃ | 2.83 |
| 1 | 0 | 1 ሰዓት | 1.24 |
| 2 | 1,000 | 1 ሰዓት | 2.58 |
| 2 | 2,000 | 1 ሰዓት | 3.79 |
| 2 | 2,500 | 2 ሰዓት ተኩል | 5.02 |
| 2 | 3,000 | 1 ሰዓት | 6.74 |
| 2 | 3,500 | 2 ሰዓት | 9.21 |
| 2 | 4,000 | 24 ሰዓት | 13.86 |
| 2 | 3,000 (ሲራገፍ) | 15 ደቂቃ | 13.21 |
| 2 | 2,000 (ሲራገፍ) | 15 ደቂቃ | 11.90 |
| 2 | 1,000 (ሲራገፍ) | 15 ደቂቃ | 10.05 |
| 2 | 0 | 2 ሰዓት | 7.38 |

2,500 ላይ ለምን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን? ረቡዕ ረፋዱ ላይ ነፋስ ሸራውን ገፈፈውና ፀሐይ ሁለተኛው ቢም ላይ አረፈች። ጭነቱ ሳይነካ 3ና 4 ቁጥር ጌጆች 0.31 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ስምጠት አሳዩ፤ 1ና 2 ቁጥር ግን ባሉበት ነበሩ። ፓይል በአንድ በኩል ብቻ እንዲህ አይሰምጥም። የቢሙ የላይኛው ፊት ከሥረኛው በጣም ሞቆ ነበር፤ ቢሙ ወደ ላይ ደገነ፣ ጌጆቹን ይዞ ተነሣ፣ ይህ ደግሞ እንደ ስምጠት ተነበበ። ሸራውን መልሰን አስረን ንባቡ እስኪመለስ ጠበቅን። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ምንም ዓይነት እርማት በስሌት አላስገባሁም። ሰንጠረዡ ላይ ያለው 5.02 ቢሙ ከቀዘቀዘ በኋላ የተነበበው ነው፤ የተዛባው ንባብም ሳይሰረዝ በዋናው መዝገብ አለ። ሸራው አስቀድሞ በደንብ መታሰር ነበረበት፣ ይህ የእኛ ክፍተት ነው።

3,500 ላይ ግን ሁለት ሰዓት የቆየነው በፓይሉ በራሱ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ፍጥነቱ ከ0.25 በታች አልወረደም።

4,000 ላይ ያለው የ24 ሰዓት ቆይታ እንዲህ ሄደ፦ ጭነቱ እንደደረሰ 12.05፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 12.62፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 12.87፣ ከ6 በኋላ 13.31፣ ከ12 በኋላ 13.60፣ ከ24 በኋላ 13.86። በ24ኛው ሰዓት የአራቱ ጌጆች የየራሳቸው ንባብ 13.42፣ 13.71፣ 14.27 እና 14.04 ነበር። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው 0.85 ነው፤ ፓይሉ ጭነቱን ቀጥ ብሎ ተሸክሟል ማለት ነው።

ኩርባው ምን ይላል

ጭነቱን አግድም፣ ስምጠቱን ቁልቁል አድርጋችሁ ብትስሉት እስከ 2,000 ድረስ ቀጥ ያለ መስመር ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በየ500 ኪሎ ኒውተኑ የሚጨመረውን እዩ፦ 1.23፣ 1.72፣ 2.47፣ ከዚያ 4.65። የመጨረሻው እርከን ብዙ ስለቆየ በዚህ ብቻ አትፍረዱ፤ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ የነበረውን ብቻ ብንወስድም 3.41 ነው። ማጠፉ አይካድም።

መመለሱም ይናገራል። በመጀመሪያው ዙር ጭነቱ ሲነሣ 2.34 ተመለሰ። የፓይሉ ሙሉ ርዝመት 2,000 ኪሎ ኒውተንን ቢሸከም የራሱ መጨመቅ 2.39 ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ጫፉ ብዙ ሥራ ሠርቷል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፣ ጎኑ ላይ ያለው ሰበቃ በቂ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን 6.48 ተመለሰ። በ4,000 የፓይሉ መጨመቅ ቢበዛ 4.77 ነው። ቀሪው፣ ቢያንስ 1.7 ሚሊ ሜትር፣ ከጫፉ ሥር ካለው መሬት መጥቷል። ጎኑ እየደከመ ጭነቱ ወደ ጫፉ ወርዷል። ያ 5 ሴንቲ ሜትር ጭቃ እዚህ ላይ ነው ትርጉም የሚያገኘው፤ ለተረፈው 7.38 ስምጠት አንዱ ምክንያት ሥሩ ያለው የላላ ነገር መጠቅጠቁ ይመስለኛል። በዚህ ሙከራ ግን ለይቼ ላረጋግጠው አልችልም፣ ፓይሉ ውስጥ ስትሬን ጌጅ አልተቀበረም።

የዴቪሰንን መስመር በዚህ ቀመር አሰመርኩ፣ ርዝመቶች በሚሊ ሜትር፦

```
s = PL/(AE) + 3.8 + D/120
```

የኮንክሪቱን ኢ 30 ጊጋ ፓስካል ወስጃለሁ። በ4,000 መስመሩ 15.24 ላይ ነው፤ የእኛ ኩርባ 13.86 ላይ። አልነካውም፣ ግን 1.38 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የቀረው። ኢ ወደ 34 ከፍ ቢል እንኳ መስመሩ 14.68 ይሆናል፣ ድምዳሜው አይለወጥም። በ3,500 ግን ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። አንድ እርከን ብንጨምር ኩርባው መስመሩን ያቋርጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በቺን ዘዴም ሞክሬዋለሁ፤ የመጨረሻው አቅም ወደ 6,500 ይወጣል። ይህን ቁጥር ማንም እንዳይጠቀምበት። ዘዴው ካልተደረሰበት ጭነት በላይ እየዘረጋ ስለሚገምት አብልጦ መስጠቱ የታወቀ ነው።

ከመስፈርቱ ጋር ሲነጻጸር

| በፕሮጀክቱ ስፔሲፊኬሽን የተጠየቀ | የተገኘው | ውጤት |
|---|---|---|
| በ2,000 ስምጠት ከ8 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ | 3.58 | አልፏል |
| በ4,000 ስምጠት ከ20 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ | 13.86 | አልፏል |
| ከተራገፈ በኋላ የቀረ ከ10 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ | 7.38 | አልፏል |
| በቆይታው መጨረሻ ፍጥነት በሰዓት ከ0.1 ያልበለጠ | 0.02 | አልፏል |
| የዴቪሰን መስመር እስከ 4,000 አለመቋረጡ | አልተቋረጠም | አልፏል |

ስለ 2,400 ጥያቄ

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2,400 ስምጠቱ 5 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በዚህ ዓይን ካየነው ፓይሉ ገና ብዙ የተረፈው ይመስላል። ችግሩ ስምጠቱ አይደለም። ስፔሲፊኬሽኑ የሥራ ጭነቱ እጥፍ በሙከራ እንዲታይ ይላል፣ የ2,400 እጥፍ 4,800 ነው። እኛ 4,000 ላይ ነው የቆምነው፣ ያውም ኩርባው እየታጠፈ። በ4,000 ላይ ብንተማመን ለ2,400 የሚቀረው የደኅንነት መጠን 1.67 ብቻ ነው። ደግሞ ይህ አንድ ፓይል ነው፤ አጠገቡ ያለው ጉድጓድ ጭቃው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆንስ?

ስለዚህ ለ2,000 ኪሎ ኒውተን ፓይሉን እንዳለ እንድትቀበሉት ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥሉት ፓይሎች ላይ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የጉድጓዱ ሥር ተለክቶ፣ የቀረው ጭቃ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ እንደገና ይጸዳ። 2,400 የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሌላ የሙከራ ፓይል ይሠራ፣ ቢያንስ በአራት ጥልቀት ስትሬን ጌጅ ይቀበርበት፣ እስከ 5,000 ይጫን። ለዚያ የሚያስፈልገው ተቃራኒ ክብደት ወደ 590 ቶን ስለሆነ አሁን ያለው 480 አይበቃም፤ ብሎኮቹ ከሳይቱ ከመነሳታቸው በፊት ውሳኔያችሁን አሳውቁን።