«ቤቶች!» በሉ

(በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች ምርቃት መዝጊያ ላይ የሚነበብ)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ መምህራን፤ እናንተም የዛሬ ተመራቂዎች። ፀሐዩ እንደከበደ አውቃለሁ። ከዚህች ግጥም በኋላ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እኔም ከዓመታት በፊት እዚሁ ግቢ ውስጥ ጋወን ለብሼ ቆሜያለሁ። ጤና መኮንን ነኝ። የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

እናቴ፣ እዚያ ኋላ፣ ነጠላዎን ያጣፉት፣
በሌሊት ተነስተው፣ የአቧራውን መንገድ የገፉት፤
አባቴ፣ ጋቢ ለባሹ፣ ከጥላው የራቁት፣
ልጅዎን ከሺው መሀል፣ በእርምጃዋ ያወቁት፤
እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ቀኑ የእናንተ ነው፣
ይህን ጥቁር ጋወን፣ ላባችሁ ነው የሸመነው።

ታናናሾቼ ሆይ፣ ለዚህ የደረሳችሁ፣
ከመሄዳችሁ በፊት፣ አንድ ወሬ ላውጋችሁ።
የዚህ ግቢ መሠረት፣ ድንጋዩ ከየት መጣ?
ከፋሲል ግንብ አይደለም፣ ከደምቢያ ነው የወጣ።

ደምቢያ፣ ለጥ ያለው ሜዳ፣ ጤፉና ሽንብራው፣
ጣና እግሩ ሥር ተኝቶ፣ የሚያጠግብ አዝመራው፤
አንድ ዓመት ንዳድ ገባበት፣ ወባ የሚሉት በሽታ፣
ጠዋት ያረሰውን ሰው፣ የሚያንቀጠቅጥ ማታ።
7 ሺህ ሰው ገደማ፣ አለቀ በዚያ ወረርሽኝ፣
ዛሬም ቁጥሩን ሳየው፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ።
እያንዳንዱ ስም ነበረው፤ ጥማድ በሬ ነበረው፤
ለመስቀል ያስቀመጠው፣ ሙክት በግ ነበረው።
መድኃኒት ሩቅ ሆኖባቸው፣ ደጃፋቸው የቀሩ፣
ነጭ ጋወን የለበሰ፣ ሳያዩ የተቀበሩ።

በ1947 ዓ.ም.፣ ኮሌጁ ተከፈተ፤
የደምቢያ ሰው ለቅሶ፣ ትምህርት ቤት መሠረተ።
ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ ሳኒታሪያን፣ ሦስቱ፣
ባንድ ቡድን ታቅፈው፣ ገጠር እንዲዘምቱ፤
ላንዱ ሕመም ማከም፣ ላንዱ ምንጭ ማጎልበት፣
ላንዷ ነፍሰ ጡር መጎብኘት፣ ሄዳ ቤት ለቤት።

እናንተም ወጥታችኋል፤ የቡድን ሥልጠናው ዕለት፣
ፍራሽ አውቶቡስ ላይ ጭናችሁ፣ ወደ ቆላ ድባ፣ ወደ ዳባት።
ጭቃው ጫማ ሲያስቀር፣ ውሻ ሲያባርራችሁ፣
ቅጽና እስክሪብቶ፣ ይዛችሁ በእጃችሁ፣
«ስንት ልጅ ወልደዋል? ስንቱስ ሞተ?» ስትሉ ቆማችሁ፣
ሥራዋን ትታ እናት፣ ቁጭ ብላ መለሰችላችሁ፤
ቡናዋን አፈላች፤ ቆሎ አቀረበችላችሁ፤
የሞተው ልጅ ጋ ስትደርስ፣ ድምጿ ተሰበረባችሁ።
እሷ ናት መምህራችሁ፤ ዲግሪ የላት፣ ማዕረግ የላት፣
የዛሬው ወረቀታችሁ ግን፣ የእሷ ቡና ጠብታ አለበት።

አንድ ልጨምርላችሁ፤ የራሴ ነው፣ አልረሳውም፤
ገጠር ጤና ጣቢያ፣ መብራት የለም፣ ጨረቃም፤
ሌሊት ነው፣ ተረኛ ነኝ፤ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ፣
ስምንት ሰው ቃሬዛ ይዞ፣ ደጁን ሞልቶ አየሁ።
ዳገትና ቁልቁለት፣ እየተቀባበሉ፣
ጀምበር ስትጠልቅ ተነስተው፣ «አይዞሽ! አይዞሽ!» እያሉ።
ቃሬዛው ላይ ወጣት ናት፤ ምጧ ቀኑን አልፏል፤
የጋቢው ጫፍ ርሷል፤ ደሙ መሬት ነክቷል።
ከፊት ያሉት ሽማግሌ፣ በትራቸውን ተደግፈው፣
«አለህ ልጄ?» አሉኝ ብቻ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው።
ስሜን አልጠየቁኝም፤ ውጤቴን አልጠየቁም፤
«አለህ ልጄ?» ከዚያ ወዲያ፣ ሌላ ጥያቄ የላቸውም።
«አለሁ አባቴ» አልኳቸው፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤
ባልኖርስ ኖሮ? ብዬ፣ ልቤ ዛሬም ደነገጠ።
አዋላጇን ቀሰቀስኩ፤ ባትሪ በጥርሴ ነከስኩ፤
ጎሕ ሲቀድ ልጁ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።
ፀሐይ ወጣ፤ እናትየዋ፣ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች፤
ያቺ አንዲት ጥያቄ፣ ከወርቅ ሜዳሊያ በለጠች።

አደራዬ ይህች ናት፤ ሲጠሯችሁ ተገኙ፤
ያጣ የነጣ ሲመጣ፣ ከባለ መኪናው እኩል ዳኙ።

ፋርማሲ የጨረስሽው፣ መስኮቱ ጋ የምትቀመጪው፣
«በቀን ሦስቴ» ብለሽ ብቻ፣ ያንን ሰው አትሸኚው፤
ፊደል ላልቆጠሩ አያት፣ ጠዋትና ማታውን፣
ፀሐይና ጨረቃ ስለሽ፣ አሳዪያቸው ሰዓቱን።

ላቦራቶሪ ያለኸው፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነበስከው፣
ያችን የደም ጠብታ፣ ከመተማ ወዛደር ነው የወሰድከው፤
ካላዛር ይሁን ወባ፣ አልጋ ላይ ሆኖ እየጠበቀ አለ፣
«ሰሊጥ አጭጄ እመለሳለሁ»፣ ብሎ ለልጆቹ የማለ።

ነርስ እህቴ፣ አስታማሚው፣ ሲተኛ ሲሚንቶው ላይ፣
ሌሊት 9 ሰዓት፣ አንቺ ነሽ የምትታይ።

ዶክተር ሲሉህ ደስ ይበልህ፤ ለፍተህ ነው ያገኘኸው፤
ያባትህን እኩያ ግን፣ በባዶ እግሩም ቢመጣ «አንቱ» በለው።

ከእናንተ ቀድማ በቀበሌው፣ የኖረችውን አትርሷት፤
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ እህታችሁ ናት፣ ጠይቋት።
የትኛው ቤት ነፍሰ ጡር አለ፣ የትኛው ምንጭ ይደፈርሳል፣
ከመጽሐፋችሁ ይልቅ፣ የእሷ እግር ያውቀዋል።

ሥራ ቶሎ ላይገኝ ይችላል፤ አልሸነግላችሁም ዛሬ፤
ግን እስከዚያው እድር አለ፤ ጎረቤት አለ፤ ገበሬ፤
የግፊት መለኪያ ይዛችሁ፣ አንድ ሰንበት ከእድሩ ዋሉ፤
የእናቶቻችሁን ጓደኞች፣ «ክንድዎን ይዘርጉ» በሉ።

አሁን ቆቡን ወርውሩት፤ ይብረር፤ ፎቶም ተነሱ፤
ጋወኑን አውልቁና፣ ለእናታችሁ አልብሱ።
ነገ ግን ደጅ ትደርሳላችሁ፤ የጎጆ በር ዝቅ ያለ ነው፤
ቆብ ያደረገ አይገባም፤ ጉበኑ አያሳልፈው።
ጎንበስ በሉ፤ ዓይን ይልመድ፤ ጭሱ መጀመሪያ ያስለቅሳል፤
አጎዛ ይነጠፋል፤ መደቡ ላይ ስፍራ ይለቀቃል።
ከመግባታችሁ በፊት ግን፣ ከደጅ ቁሙና ተጣሩ፤
እንደ ጎረቤት ልጅ፣ ልማዱን አክብሩ።
«ቤቶች!» በሉ። ዝም ካለ፣ ድገሙት፤ «ቤቶች!» በሉ፤
ሳሉ ለአፍታ ጋብ ይላል፤ እማማ ቀና ይላሉ፤
«ማነው?» ብለው ከጨለማው፣ ድምፃችሁን ሊለዩ ሲሉ፣
«ልጅዎ ነኝ፣ እናቴ፤ መጥቻለሁ፤ አለሁ» በሉ።