የ«ውሰት ድምፅ» መዝገብ፦ ለሦስተኛው መጽሐፍ

ይህ መዝገብ የእኔና የአርታኢዬ ነው። «ማሰሮው» እና «ዲዳው ወንዝ» ታትመው ወጥተዋል። «የመልስ ቀን» ረቂቁ ምዕራፍ 13 ላይ ደርሷል። ከዚህ በኋላ አንድም ምዕራፍ ይህ ሳይነበብ አይጻፍም።

ከሁሉም በላይ፦ የታተመ ያሸንፋል። መዝገቡና መጽሐፉ ከተጣሉ የሚታረመው መዝገቡ ነው። አንባቢው የሚያውቀው በእጁ የያዘውን መጽሐፍ እንጂ የእኔን ደብተር አይደለም። ስለዚህ ከየመረጃው አጠገብ የተገኘበት ቦታ ይጻፋል። 1፥12 ማለት መጽሐፍ 1፣ ምዕራፍ 12 ነው። ቁጥር የሌለው ነገር ገና ሐሳብ ነው፤ እንደፈለግን እንቀይረዋለን።

ዘመን

ዓመቱ የሚቆጠረው ከጎርፉ ሌሊት ነው። ያ ሌሊት የዓመት 1 መጀመሪያ ነው፤ ዓመት 0 የለም። ይቺ ነገር አንዴ ጉድ ሠርታኛለች። በ1፥4 ውዳላት 17 ዓመቷ ነው፤ ታሪኩ የሚካሄደው በዓመት 14 ነው። እኔ 17 ላይ 14 ቀንሼ «በጎርፉ ሌሊት የ3 ዓመት ልጅ ነበረች» ብዬ ለሁለተኛው መጽሐፍ ረቂቅ ጻፍኩ። ግን በዓመት 14 መባቻ ላይ ያለፈው 13 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ በጎርፉ ሌሊት 4 ዓመቷ ነበር። ደግነቱ ከመታተሙ በፊት ተያዘ።

መጽሐፍ 2 ዓመት 16 ነው፤ መጽሐፍ 3 ዓመት 23። ውዳላት 19፣ ከዚያ 26 ትሆናለች። ወንድሟ ገረመው በ6 ዓመት ይበልጣታል፤ 23፣ 25፣ 32። አጎታቸው አባይነህ በጎርፉ ሌሊት 40 ነበር፤ አሁን 62 ነው። ደስታ በሁለተኛው መጽሐፍ የ9 ዓመት ሕፃን ነበረች። በሦስተኛው 16 ናት፤ እንደ ሕፃን አትናገርም።

ከላይኛው መንደር ወደ ድልድዩ በእግር ሁለት ቀን ነው። ሽቅብ ሲሆን ሦስት (1፥7)።

ጨረቃዋን እንዳንረሳ። ሦስተኛው መጽሐፍ በሙሉ ጨረቃ ይከፈታል። በ3፥11 ከሸክላ ቤቱ የሚያመልጡት ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ነው። ረቂቁ ላይ በመካከል 9 ሌሊት ብቻ ነበር። በዘጠነኛው ሌሊት ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጨረቃ ይወጣል፤ ጠባቂው ያያቸዋል። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ጨለማው ወደ 15 ሌሊት ያስፈልጋል። ስድስቱን እንዲህ አገኘናቸው፦ ገረመው ስለሚያነክስ ሽቅቡ ሦስት ቀን መሆኑ ቀርቶ አምስት ይፈጃል፤ የቀሩትን አራት ቀን እቶኑ እስኪቀዘቅዝ ሸክላ ቤቱ ውስጥ ይጠብቃሉ። የጥበቃው አራት ቀን ምዕራፍ 9ን አዳነው። ወንድምና እህቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናታቸው የሚያወሩት እዚያ ነው።

የድምፅ ሕግ

ድምፅ የሚቀመጠው በእሳት በበሰለ፣ ውኃ ነክቶት በማያውቅ ማሰሮ ብቻ ነው (1፥3)። ያዋሰ ሰው ድምፁ እስኪመለስ ዲዳ ነው። ሹክሹክታም የለም፤ ማልቀስ ግን ይችላል፣ ያለ ድምፅ። ከድምፁ ጋር አንድ ትዝታ ይሄዳል። ድምፁ ይመለሳል፤ ትዝታው አይመለስም (1፥13)። አንድ ሰው በዕድሜው ሦስት ጊዜ ብቻ ያውሳል። የሞተ ሰው ድምፅ ማሰሮው አንዴ ሲከፈት ይሰማል፣ ከዚያ ያበቃል።

የማይለጠጠው ይህ ክፍል ነው። ሕጉን ለአንድ ቆንጆ ትዕይንት ብለን ብንጥሰው፣ ውዳላት የከፈለችው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የእሷ ሒሳብ ይኸው፦ በ1፥12 ለገረመው አዋሰች፤ የጠፋው ወደ ልጅነት ቤቷ የሚወስደው መንገድ ነው። በ2፥17 በሸንጎው ፊት ለደስታ አዋሰች፤ የጠፋው የእናቷ ስም ነው። የቀራት አንድ ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው መጽሐፍ «ጥሩነሽ» የሚለው ቃል በውዳላት አፍም በሐሳቧም አይገባም። ተራኪው ከእሷ ትከሻ ጀርባ ሆኖ በሚያይባቸው ምዕራፎችም አይገባም። «እናቷ» ይባላል። ሌላ ሰው ስሙን ቢነግራት ትሰማዋለች፤ ግን የማንም ስም ነው፣ ልቧ ላይ አያርፍም። በ3፥2 ረቂቅ ላይ በእንቅልፍ ልቧ ስሙን ትጠራ ነበር። ውብ አንቀጽ ነበር። ወጥቷል።

ማን ምን ያውቃል

የእናታቸውን ማሰሮ የሰነጠቀው አባይነህ ነው። ገረመው ይህን ከ1፥26 ጀምሮ ያውቃል። ውዳላት ያወቀችው በ2፥20 ነው። በመካከሉ ገረመው የሚናገረው ሁሉ የሚደብቅ ሰው ንግግር ነው። ደስታ አሁንም አታውቅም፤ ከ3፥15 በፊት እንዳታውቅ።

አጠራሩም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እስከ 2፥19 ውዳላት «ጋሼ» ትለዋለች፣ «እርስዎ» ትላለች። ከ2፥20 በኋላ «አባይነህ» እና «አንተ» ነው። በረቂቁ 3፥8 ላይ ሁለት ቦታ «እርስዎ» አምልጦኛል፤ ታርሟል። ወደ «ጋሼ» የምትመለሰው አንዴ ብቻ ነው፣ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ። እስከዚያ ቃሉን ካባከንነው አንባቢው ያን ጊዜ ምንም አይሰማውም።

አካልና ዕቃ

ውዳላት ግራኝ ናት፤ የግራ መዳፏ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ገረመው ከ1፥28 ውድቀት በኋላ ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም። የእናታቸው ማሰሮ አንድ ጆሮ ብቻ አለው፤ ስንጥቁ ከአፉ እስከ ሆዱ ይወርዳል።

አጻጻፍ፦ «ድምፅ» በፀሐዩ ፀ፣ «ገረመው» በ«ው» ይጨርሳል። በሁለቱ መጻሕፍት እንዲሁ ስለታተመ አይነካም።

የታተመ ስሕተት

በ2፥9 ገረመው መሰላል ላይ «እየሮጠ» ይወጣል። በዚያ ጉልበት! ሦስት አንባቢዎች ጽፈውልኛል፣ ልክ ናቸው። ጉልበቱ ድኖ ነበር ማለት አንችልም፤ በ2፥14 ያነክሳል። ምዕራፉን እንደገና ሳነብ ግን ተራኪዋ ደስታ መሆኗን አየሁ። የ9 ዓመት ልጅ ናት፤ ያዳናትም እሱ ነው። ስለዚህ በ3፥5 እሳት ዳር ታሪኩን ደግማ ስታወራ ገረመው ያቋርጣታል፦ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አልሮጥኩም። አንድ አንዱን ደረጃ በቂጤ ነው የወጣሁት።» እሷም «እኔ ያየሁት ስትሮጥ ነው» ትላለች፣ አትለቅም። በመጽሐፉ ከምወዳቸው ቦታዎች አንዱ ሆኗል። ማብራሪያ አንጨምርበትም።

ያልተወሰነ

የውዳላት ሦስተኛ ትዝታ። ሁለት ሐሳብ አለ፦ የጎርፉ ሌሊት፣ ወይም የገረመው ፊት። አርታኢዬ የጎርፉን ሌሊት ትመርጣለች። እኔ ወደ ገረመው አዘነብላለሁ፤ እሱን ከመረጥን ግን ከምዕራፍ 16 በኋላ እህቱ እንደ እንግዳ «እርስዎ» ትለዋለች፣ ንግግራቸውም በሙሉ እንደገና ይጻፋል። ምዕራፍ 14 ከመጀመሩ በፊት ይወሰን።