መብራት የለም ብዬ

ጓጉንቸሩ ቀይ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ጋሽ ለማ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ከነቁልፉ ሰጠኝና "ይሄ ያንተ ነው፤ ለማንም አታውሰውም። ሚስት ብታገባ እንኳ ለሷም አትሰጣትም" አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከቴክኒክና ሙያ ተልኬ ጅማ ውስጥ አንድ ቡና ማበጠሪያ ልምምድ የወጣሁበት ጊዜ ነው። ወሩ ጥር ነበር፤ ቡናው ከየወረዳው ይጎርፋል። ከማራገፊያው ጉድጓድ ቡናውን ተሸክሞ ማሽኑ አናት ላይ የሚያደርስ ረጅም ኮንቬየር አለ። ኃይሉ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ፓኔል ያለው ግን ከግድግዳው ወዲያ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ኮንቬየሩ ሥር ማን እንዳለ አያይም።

የጋሽ ለማ ሕግ አጭር ነበር። ኮንቬየሩን ከመንካትህ በፊት ፓኔሉ ላይ ያለውን ሃንድል አውርድ። ጓጉንቸርህን ቆልፍበት። ስምህ ያለበትን ካርድ አንጠልጥል። ከዚያ ማስነሻውን ሞክርና አለመነሳቱን በዓይንህ እይ። ቁልፉ ኪስህ ይግባ። ሮለር ለመቀባትም ይሁን ቤልት ለመቀየር፣ ያው ነው። እኔ ደግሞ በልቤ "ሰውዬው ያካብዳል" እል ነበር።

ሐሙስ ነው፣ የሂርማታ ገበያ ቀን። ጋሽ ለማ ለምሳ ወጥቷል። መብራት ጠፋ፣ ኮንቬየሩም ቆመ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የጆንያ ሲባጎ የታችኛው ከበሮ ላይ ተጠምጥሟል። እሱ እስኪመለስ ጨርሼ ልጠብቀው አልኩ። ጓጉንቸሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፓኔሉ ጋ ለመድረስ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ግን መብራት የለም። የሌለ መብራት ምኑ ይቆለፋል?

የከለላውን አራት ብሎን ፈታሁ። በጎኔ ተኛሁና ሰንጢ የያዘ እጄን ቤልቱና ከበሮው መሀል አስገባሁ። ሲባጎው ደርቋል፣ በቀላሉ አይቆረጥም። ጀነሬተር ሲነሳ ሰማሁ። ጅማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ጀነሬተር ሁሉ ይንጫጫል፤ የጎረቤት መስሎኝ መቁረጤን ቀጠልኩ።

ከበላዬ ያለው አምፖል በራ።

ማንም ማስነሻ አልነካም። መብራቱ ሲጠፋ ማዞሪያው እንደበራ ነበር የቀረው፤ ኃይል ሲያገኝ ኮንቬየሩ ካቆመበት ቀጠለ። ሃንድሉ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግን ኃይሉ ከመስመርም ይምጣ ከጀነሬተር፣ ሞተሩ ጋ አይደርስም ነበር።

መጀመሪያ ሰንጢው ሄደ። ቀጥሎ የቱታዬ እጅጌ። መጎተቱን ያወቅኩት ትከሻዬ ብረቱን ሲመታ ነው። ቱታው ሰልባጅ ነበር፣ ስፌቱ ያለቀ። እጅጌው ከትከሻው ተገንጥሎ ሄደና እኔ ወደ ኋላ፣ የጆንያው ክምር ላይ ወደቅኩ። ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ቆዳው ተልጧል። አዲስ ቱታ ለብሼ ቢሆን ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከለቃሚዎቹ ሴቶች አንዷ "አጥፉት!" ብላ ጮኸች። ጀነሬተሩን ያስነሱት አባ መጫ፣ ዘበኛው፣ አጥፍተውት እየሮጡ መጡ። እኔን አላዩኝም። ያዩት ከከበሮው ጎን የተንጠለጠለውን እጅጌ ነው። ባዶ መሆኑን አላወቁም። እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

"ልጁን ገደልኩት" አሉ። ሁለቴ አሉት፣ ሦስተኛው አልወጣላቸውም።

"አለሁ አባ" ብዬ ተነሳሁ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እጃቸው ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።

ጋሽ ለማ ሲመጣ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ክንዴን አገላብጦ አየና "ጓጉንቸርህስ?" አለ። በደህናው እጄ ከኪሴ አወጣሁት።

"አባ መጫ ምን አጠፋ?"

"ምንም።"

"ዛሬ ማታ እንቅልፍ ይወስደዋል?"

መልስ አልነበረኝም። ባጃጅ ጠርቶ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም።

በስምንተኛው ቀን ክንዴ እንደታሰረ ተመለስኩ። አንድ ሮለር ይንጫረራል፣ መቀየር አለበት። ፓኔሉ ጋ ሄድኩ። ሃንድሉን አወረድኩ፣ ቆለፍኩ፣ ካርዴን አንጠለጠልኩ። ማስነሻውን አዞርኩት፤ ዝም።

ዞር ስል አባ መጫ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀስ ብለው መጡና ጓጉንቸሩን ይዘው ጎተቱት። ደግመው ጎተቱት።

"ቁልፉስ?" አሉ።

ኪሴን መታ መታ አደረግኩ።

"አውጣና አሳየኝ።"

አውጥቼ አሳየኋቸው። አዩት፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና ወደ ጀነሬተራቸው ሄዱ።